ቅናሹ ስንት ያስወጣል?

«እህቴ፣ ሠላሳ ሺሕ ካዘዝሽ በ14 ብር ከ80 እሠራልሻለሁ።»

የማሸጊያ ፋብሪካ ሽያጭ ሠራተኛ እንዲህ ሲል፣ ቡና ቆልታና ፈጭታ የምትሸጥ ነጋዴ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ከ16 ብር ላይ 14 ከ80 መቀነስ ነው። በአንድ ከረጢት 1 ብር ከ20 ይተርፋታል፤ በሠላሳ ሺሕ ሲባዛ 36,000 ብር ይሆናል። ስሌቱ ልክ ነው፣ ግን ግማሽ ስሌት ነው። የቀረውን ግማሽ እንዲያሰላላት ሽያጭ ሠራተኛውን መጠበቅ የለባትም፤ እሱ የተቀጠረው ከረጢት ለመሸጥ ነው።

ይህችን ነጋዴ እስከ መጨረሻው እንከተላት። ለምሳሌ ያህል፣ በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 የግማሽ ኪሎ ከረጢት ትጨርሳለች እንበል። የተሰጣት ፕሮፎርማ ሦስት ዋጋ ይዟል። ከ10,000 በታች ለሚያዝዝ አንዱ ከረጢት 16 ብር ነው። ከ10,000 ጀምሮ 15 ብር ከ20 ይሆናል። 30,000 እና ከዚያ በላይ ለሚያዝዝ ደግሞ 14 ብር ከ80። ቅናሹ ለትእዛዙ በሙሉ ይሠራል፤ ማለትም 10,000 ያዘዘ ሰው ከመጀመሪያው ከረጢት ጀምሮ በ15 ከ20 ይከፍላል።

ፋብሪካው ለምን እንደሚቀንስ ማወቁ ጥሩ ነው። በብዙ የማሸጊያ ፋብሪካዎች ሥዕሉና ጽሑፉ ፕላስቲኩ ላይ የሚታተመው በሲሊንደር ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ሲሊንደር አለው። ማሽኑ ከአንዱ ደንበኛ ሥራ ወደ ሌላው ሲዞር የቀድሞው ሲሊንደር ይወርዳል፣ ቀለሙ ይታጠባል፣ አዲሱ ይሰቀላል። ቀለሞቹ በየቦታቸው እስኪገጥሙ ድረስ የሚወጣው ፕላስቲክም ይጣላል። ይህ ሁሉ ልፋት ለ3,000 ከረጢትም ለ30,000 ከረጢትም አንድ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ብዙ ላዘዘ ሰው ሲቀንስ የግድ ከትርፉ እየቆረሰ አይደለም፤ ከዳነለት የማሰናጃ ወጪ ላይ ከፊሉን እያካፈለ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ለድርድር ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ነጋዴዋ እንመለስ። ለከረጢት በዓመት የምታወጣው ገንዘብ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው የከረጢቱ ዋጋ ነው፤ ይህ ፕሮፎርማው ላይ ተጽፏል።

ሁለተኛው ባዘዘች ቁጥር የምታወጣው ነው። ዕቃውን የምታመጣበት የጭነት መኪና ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ፣ ናሙና ለማየት የሚደረግ ምልልስ፣ ሲደርስ ቆጥሮና ፈትሾ ለመረከብ የሚከፈል የቀን ሠራተኛ። ይህ ሁሉ ተደምሮ በአንድ ትእዛዝ 3,000 ብር ይሆናል እንበል። እዚህ ውስጥ መግባት የሌለበት ነገር አለ፤ ትእዛዝ በዛም አነሰም በየወሩ የሚከፈል የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ አይቆጠርም። የሚቆጠረው አንድ ትእዛዝ ሲቀር አብሮ የሚቀረው ወጪ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከረጢቱን አስቀምጦ የማቆየት ወጪ ነው። ሰው የሚረሳው ይህን ነው፣ ምክንያቱም ደረሰኝ የለውም። መጋዘን ውስጥ የተከመረ ከረጢት የተከመረ ብር ነው። ብሩ ከባንክ የተበደረ ከሆነ ወለድ ይቆጥራል፤ የራሷ ከሆነ ደግሞ በዚያ ብር ጥሬ ቡና ገዝታ፣ ቆልታ ሸጣ ልታተርፍበት ትችል ነበር። በዚያ ላይ የመጋዘን ኪራይ አለ፣ አይጥ አለ፣ እርጥበት አለ፣ ዲዛይን ሲቀየር የሚጣል ከረጢት አለ። ለነጋዴያችን የገንዘቡን 17 በመቶ፣ የመጋዘኑን 4፣ የብልሽቱን 4 እንያዝላት። ሲደመር 25 በመቶ ነው። የ16 ብር ከረጢት ዓመቱን ሙሉ ቢቀመጥ 4 ብር ያስወጣታል ማለት ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ወጪ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ጥቂት ጥቂት ካዘዘች የመኪናው ኪራይ ይደጋገማል፤ ብዙ ካዘዘች ክምችቱ ይቆልላል። ሚዛኑ የቱ ጋ እንደሆነ በቀመር ያስቀመጠው ፎርድ ሁዊትማን ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 «ፋክተሪ» በተባለ የሥራ አመራር መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ስንት ዕቃ ቢሠራ ይሻለዋል ብሎ ጠየቀ። በ1934 አር. ኤች. ዊልሰን በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ሐሳቡን ስላስፋፋው፣ አንዳንድ መጻሕፍት ቀመሩን በዊልሰን ስም ይጠሩታል። ሃሪስ ይህን ያህል ዘመን ስሙ መደብዘዙ ትንሽ ያሳዝናል።

ቀመሩ ለስልክ ካልኩሌተር የሚበዛ አይደለም። የዓመቱን ፍጆታ በአንድ ትእዛዝ ወጪ እናባዛለን፣ ውጤቱን በ2 እናባዛለን፣ ከዚያ አንድ ከረጢት ዓመት ቢቀመጥ በሚያስወጣው ብር እናካፍላለን። መጨረሻ ላይ የ√ ምልክት ያለበትን ቁልፍ እንጫናለን። ለነጋዴያችን በ16 ብር ዋጋ እንዲህ ይሆናል፦

√(2 × 24,000 × 3,000 ÷ 4) = 6,000

ቅናሽ የሚባል ነገር ባይኖር በአንድ ጊዜ 6,000 ከረጢት፣ በዓመት አራት ጊዜ ማዘዝ ይበጃት ነበር። የዓመቱን ወጪ እንደምረው። 24,000 ከረጢት በ16 ብር 384,000 ብር ነው። አራት ትእዛዝ በ3,000 ብር 12,000 ይሆናል። ለማቆያው፣ 6,000 ገብቶ ቀስ በቀስ እያለቀ ስለሚሄድ፣ ዓመቱን ሙሉ በአማካይ መጋዘን ውስጥ የሚገኘው ግማሹ 3,000 ነው፤ በ4 ብር ሲባዛ ሌላ 12,000። ጠቅላላው 408,000 ብር መጣ። የትእዛዙና የማቆያው ወጪ እኩል መውጣታቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ ቀመሩ የሚፈልገው ሁለቱ የሚተካከሉበትን ቦታ ነው።

ወደ ሁለተኛው ዋጋ እንሂድ። በ15 ከ20 አንድ ከረጢት የዓመት ማቆያው 3 ብር ከ80 ነው። ቀመሩ 6,156 ይላል። ግን በ6,156 ይህ ዋጋ አይገኝም፤ ፋብሪካው ቢያንስ 10,000 ይፈልጋል። ታዲያ ስንት ትዘዝ? ልክ 10,000፣ አንድም ሳትጨምር። ምክንያቱም ቀመሩ ካመለከተው ልክ ካለፍን በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ከረጢት ከሚያድነው ይልቅ የሚያስወጣው ይበልጣል። ወደ 10,000 የጎተተን ቅናሹ ብቻ ነው፤ እሱ ከተገኘ ወደ 12,000 የሚወስደን ነገር የለም። ብዙ ገዢ እዚህ ላይ «ካዘዝኩ አይቀር» ብሎ ይጨምራል፤ ያ ጭማሪ ምንም ቅናሽ አያመጣለትም።

በ10,000 ስንደምረው የከረጢቱ ዋጋ 364,800 ብር ነው። በአማካይ በዓመት 2.4 ጊዜ ስለምታዝዝ ለትእዛዝ 7,200 ብር ይወጣል። አማካይ ክምችቷ 5,000 ስለሆነ ማቆያው 19,000 ብር ነው። ጠቅላላው 391,000፤ ከ408,000ው በ17,000 ብር ያንሳል። ማቆያው ከ12,000 ወደ 19,000 ማደጉ እውነት ነው፣ ግን ዋጋው ካሳውን ከነትርፉ ከፍሏል።

ሦስተኛው፣ ሽያጭ ሠራተኛው በፈገግታ ያቀረበው፣ 14 ብር ከ80 ነው። ቀመሩ 6,238 ይላል፤ ዋጋው የሚገኘው ግን በ30,000 ነው፣ ከሚበጃት ልክ ወደ አምስት እጥፍ ገደማ። የከረጢቱ ዋጋ 355,200 ብር ነው፤ ከሦስቱም ዝቅተኛው። 30,000 ለ15 ወር ስለሚበቃ የትእዛዙ ወጪ በዓመት 2,400 ብር ብቻ ነው፤ ይህም ከሦስቱ ዝቅተኛው። አማካይ ክምችቷ ግን 15,000 ከረጢት ይሆናል፤ በ3 ብር ከ70 ሲባዛ 55,500 ብር። ጠቅላላው 413,100 ብር ነው።

ይህ ቁጥር ከ391,000 ብቻ ሳይሆን ከ408,000ም ይበልጣል። ነጋዴዋ ትልቁን ቅናሽ ብትቀበል፣ ምንም ቅናሽ ሳታገኝ በ16 ብር ከምትገዛው በላይ ትከስራለች። የሚያስገርመው ፕሮፎርማው ላይ ይህን የሚጠቁም አንድም ቁጥር አለመኖሩ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ «3,000 ብርም 25 በመቶም ግምት ናቸው፤ በግምት ላይ የቆመ ስሌት እንዴት ይታመናል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱም ሁለት ፊት አለው።

አንደኛ፣ ከቀመሩ ልክ ትንሽ መዛነፍ ብዙ አይጎዳም። በ16 ብር ዋጋ በ6,000 ፋንታ 5,000 ብታዝዝ፣ ትእዛዙ 14,400፣ ማቆያው 10,000 ብር ይሆናል፤ ድምሩ 24,400 ነው። ከምርጡ የሚበልጠው በ400 ብር ነው፣ በዓመት! ስለዚህ መኪናው 5,500 ብቻ የሚይዝ ከሆነ 5,500 ማዘዝ ይቻላል፣ ማንም አይቀጣም። በአምስት እጥፍ መራቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ፊት ይበልጥ ከባድ ነው። የማቆያው በመቶኛ ፍርዱን ሊገለብጠው ይችላል። ነጋዴዋ ብድር የሌለባት፣ ብሩን ሌላ የምታውልበት ቦታ ያላገኘች፣ ቤቷ ውስጥ ባዶ ክፍል ያላት ናት እንበል። ያኔ ማቆያው 25 ሳይሆን 10 በመቶ ሊሆን ይችላል። በ10 በመቶ 10,000 ማዘዝ በዓመት 379,600 ብር፣ 30,000 ማዘዝ 379,800 ብር ያስወጣል፤ ሁለቱ ተካከሉ ማለት ነው። ከ10 በመቶ ገደማ በታች የምትቆይ ሰው ትልቁን ቅናሽ መውሰድ ያዋጣታል። ለዚህ ነው ጎረቤት ነጋዴ ያዋጣውን ትእዛዝ መኮረጅ የማይሆነው፤ እሱ በራሱ ብር፣ እርስዎ በብድር እየሠራችሁ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጊዜ ካለዎት ያንን ጊዜ የማቆያውን በመቶኛ ለማጣራት ያውሉት። የባንኩን ወለድ ከውሉ ላይ ያንብቡ። ከረጢት የያዘውን የመጋዘን ክፍል ኪራይ ለይተው፣ ክምችቱ ካወጣው ገንዘብ ጋር ያነጻጽሩ። ባለፈው ዓመት ስንት ከረጢት እንደተጣለ ይቁጠሩ። ይህ የመጨረሻው ብዙውን ጊዜ ከሚታሰበው በላይ ይወጣል፣ በተለይ የታተመ ዕቃ ሲሆን። አድራሻ ወይም ስልክ ሲቀየር፣ በመለያው ላይ መጻፍ ያለበት ነገር ሲጨመር የድሮው ከረጢት ፕላስቲክ ብቻ ሆኖ ይቀራል። 8,000 ከረጢት ሲቀር ዲዛይኑ ቢቀየር የሚጣለው 118,400 ብር ነው። 14 ከ80 ከ16 ጋር ሲነጻጸር በዓመት የሚያድነው በሙሉ 28,800 ብር መሆኑን ያስታውሱ።

እዚህ አገር የሚነገድ ሰው አንድ ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ «ዋጋው ቢጨምርስ?» ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ጥሬ ዕቃው ከውጭ በሚገባ እንደ ፕላስቲክ ባለ ነገር ላይ፣ ቀድሞ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው መጠቀሙ ግልጽ ነው። ከላይ የተጠቀምንበት ቀመር ደግሞ ዋጋው ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም ብሎ ነው የሚነሣው።

ቢሆንም «ይጨምራል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስንት ቢጨምር ነው የሚያዋጣው የሚለው መታወቅ አለበት። ከ30,000ው ውስጥ የመጨረሻው 10,000 ከረጢት ሥራ ላይ የሚውለው ከ11ኛው እስከ 15ኛው ወር ነው፤ በአማካይ 12 ወር ተኩል ይጠብቃል። በ25 በመቶ የዓመት ማቆያ 14 ከ80 የነበረው ከረጢት እጇ ላይ ሲደርስ 18 ብር ከ65 ገደማ ሆኗል። ያኔ የገበያው ዋጋ ከዚህ በላይ ይሆናል ብላ የምታምንበት ተጨባጭ ምክንያት ካላት ትግዛ። ዛሬ በ10,000 ከምታገኘው 15 ከ20 ጋር ሲተያይ ይህ ከ22 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። 10 በመቶ ይጨምራል ብላ 30,000 ብትገዛ ግን ከጭማሪው ሸሽታ ወደሚብሰው ወጪ ነው የገባችው።

አሁን ቀደም ብዬ ያዙልኝ ወዳልኩት ነገር እንመለስ። ፋብሪካው የሚቀንሰው ማሽኑን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያሰናዳ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው በአንድ ጊዜ ማተም እንጂ በአንድ ጊዜ ማስረከብ አይደለም። ነጋዴዋ እንዲህ ልትለው ትችላለች፤ «ሠላሳውን ሺሕ ባንድ ጊዜ አትምልኝ፤ በየአምስት ወሩ አሥር አሥር ሺሕ እወስዳለሁ፣ ስወስድ እከፍላለሁ።» ከተስማሙ የከረጢቱ ዋጋ 355,200፣ የማመላለሻው 7,200፣ ማቆያው 18,500 ይሆናል። ጠቅላላው 380,900 ብር ነው፤ እስካሁን ካየነው ከምርጡ በ10,100 ብር ያነሰ።

የዚህ ስምምነት ነፍስ «ስወስድ እከፍላለሁ» የሚለው ላይ ነው። ፋብሪካው ዕቃውን በየአምስት ወሩ ላስረክብ፣ ገንዘቡን ግን ዛሬ ሙሉውን ክፈዪ ካላት፣ 444,000 ብሯ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታስሯል። መጋዘኑ የእሱ ቢሆንም ወለዱ የእሷ ነው። በዚህ መንገድ ሲሰላ ዓመቱ 406,060 ብር ያስወጣል፣ ጥቅሙም ይጠፋል። ቅድሚያ ክፍያ መጠየቁ አይቀርም፤ ክርክሩ መሆን ያለበት ስንት በመቶ ይሁን በሚለው ላይ ነው።

ፋብሪካው በከፊል ማስረከብ አልችልም ካለ ደግሞ ነጋዴዋ ሌላ ቁጥር ይዛ መቅረብ ትችላለች። 30,000 በአንድ ጊዜ መውሰድ ከ391,000ው ጋር የሚተካከለው ዋጋው 14 ብር ሲሆን ነው። «ትንሽ ቀንስልኝ» ከማለት «በ14 ብር ከሆነ ሠላሳ ሺሕ እወስዳለሁ፤ ካልሆነ አሥር ሺሕ በ15 ከ20 ጻፍልኝ» ማለት ይሻላል። ይህን የሚል ገዢ ሒሳቡን እንደሠራ ሻጩ ወዲያው ይገባዋል።

የሚቀረው ፕሮፎርማውን በትክክል ማንበብ ነው። እስካሁን ቅናሹ ለትእዛዙ በሙሉ ይሠራል ብለን ነው ያሰላነው። አንዳንድ ሻጭ ግን የሚቀንሰው ከወሰኑ በላይ ላለው ብቻ ነው። ያኔ 10,000 ብታዝዝ ሁሉንም በ16 ብር ትከፍላለች፤ 20,000 ብታዝዝ የመጀመሪያው 10,000 በ16፣ ቀሪው በ15 ከ20 ሆኖ አማካዩ 15 ብር ከ60 ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ልክ ወሰኑ ላይ ቆሞ ማዘዝ ምንም አያስገኝም፣ ከላይ ያገኘነውም የ10,000 መልስ አይሠራም። ሁለቱ አሠራሮች በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መስለው ሊጻፉ ይችላሉ። ከተለያዩ ሻጮች የመጡ ፕሮፎርማዎችን ስታወዳድሩም፣ አንዱ ተጨማሪ እሴት ታክስን አካቶ፣ ሌላው ሳያካትት ጽፎ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ዓይነት አድርጓቸው።

ለነጋዴያችን መልሱ ይህ ነው፦ በክፍልፋይ ማስረከብ ከተገኘ 30,000 በሦስት ጊዜ፣ ስትወስድ እየከፈለች፤ ካልተገኘ 10,000 በ15 ብር ከ20። ለእናንተ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ቅድሚያ ክፍያ ከማስገባታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ዋጋ ሦስቱን ወጪዎች ፕሮፎርማው ጀርባ ላይ ጻፉና ደምሩ፤ ቅናሹ ከትእዛዙ በሙሉ ላይ ነው ወይስ ከወሰኑ በላይ ካለው ብቻ የሚለውንም ሻጩ በጽሑፍ እንዲያሰፍርላችሁ ጠይቁ።